ፎቶው የማይናገረው
የመኪና ማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ መንዳት ነው ወይስ ማቆም?

በቤይ ኤሪያ ያለ ሐበሻ መካኒክ፣ ወይም ስለ መኪና ያውቃል የሚባል ዘመድ፣ በስልኩ ላይ የዳሽቦርድ ፎቶ ያልደረሰው አይኖርም። ከፎቶው ሥር የሚጻፈውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ጋሼ፣ ይኸ መብራት ምንድን ነው? ቤት ድረስ ያደርሰኛል?» ላኪው ብዙውን ጊዜ ሳን ሆዜ ኤርፖርት መንገደኛ አድርሶ የሚመለስ ወይም ከሌሊት ሥራ የወጣ ሰው ነው። ከሳን ሆዜ እስከ ኦክላንድ በ880 ፍሪዌይ 40 ማይል ያህል ይሆናል። ቶው ትራክ ቢጠራ የዕለቱ ገቢ በዚያው ያልቃል፤ ቢነዳ ደግሞ ሞተሩ ሊያልቅ ይችላል። ከዚህም በላይ በጭነት መኪኖች መካከል ድንገት ሞተር ቢጠፋበት የሚደርሰው አደጋ አለ።

ፎቶ መላክ ጥሩ ነው። «አንድ ቀይ ነገር በራ» ከሚል የስልክ ወሬ በጣም ይሻላል። ነገር ግን ፎቶ የሚያሳየው አለ፣ የሚደብቀውም አለ። ለመንዳት ወይም ለማቆም የሚያስወስነው ነገር ብዙ ጊዜ ያለው ከተደበቀው ወገን ነው። ዛሬ የምናቀርበው ይህንኑ ነው፦ ከፎቶው ምን ይነበባል፣ ከላኪውስ ምን መጠየቅ አለበት?

መጀመሪያ ቀለሙ

የዳሽቦርድ ምልክቶች መኪናው ከጃፓንም ይምጣ ከጀርመን በአብዛኛው ተመሳሳይ ናቸው። ቅርጻቸውንና ቀለማቸውን የሚመለከት አይ ኤስ ኦ 2575 የሚባል ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። ቀይ ማለት አሁኑኑ አደጋ አለ ማለት ነው። ወደ ብርቱካን የሚያደላው ቢጫ አንድ ነገር ከመደበኛው ውጪ ሆኗል ማለት ነው። አረንጓዴና ሰማያዊ ደግሞ አንድ ነገር እየሠራ መሆኑን ብቻ ይነግራሉ።

ቅርጹ አንድ ሆኖ ቀለሙ የሚለያይበት ጊዜ አለ። ቴርሞሜትር የሚመስለው ምልክት በብዙ መኪኖች በጠዋት ሰማያዊ ሆኖ ይበራል፤ ሞተሩ ገና አልሞቀም ማለት ነው፣ የሚያሳስብ አይደለም። ያው ምልክት ቀይ ሲሆን ግን ሞተሩ እየተቃጠለ ነው። ስለዚህ ፎቶ ሲደርስዎ ከቅርጹ በፊት ቀለሙን ይጠይቁ። ይጠይቁ የምንለው በምክንያት ነው፤ በጨለማ የተነሣ ፎቶ ላይ መብራቱ ካሜራውን ስለሚያበዛበት ቀዩ ቢጫ፣ ቢጫውም ነጭ መስሎ ይወጣል። በዓይኑ ያየው ሰው ይንገርዎ።

ፎቶው የሚደብቃቸው ሁለት ነገሮች

የመጀመሪያው ሞተሩ ተነሥቶ ነበር ወይስ አልተነሣም የሚለው ነው። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ ሲቀር መኪናው አምፖሎቹን ለመፈተሽ ሁሉንም መብራቶች ለጥቂት ሰኮንዶች ያበራቸዋል። የዘይቱና የባትሪው መብራት ደግሞ ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ በርተው ይቆያሉ። ይኸ ትክክለኛ አሠራር ነው። ብዙ ሰው ግን መኪናውን አጥፍቶ፣ ፎቶ ለማንሣት ቁልፉን መልሶ ይከፍትና አሥር መብራት የበራበት ፎቶ ይልካል። ተቀባዩም ይደነግጣል። ይህን ለማወቅ የሞተሩን ዙር የሚቆጥረውን መለኪያ ይመልከቱ። ቀስቱ ዜሮ ላይ ከሆነ ፎቶው የተነሣው ሞተሩ ሳይነሣ ነው፤ ከ1 ትንሽ ዝቅ ብሎ ከሆነ ሞተሩ ቆሞ እየሠራ ነበር። ፕሪየስና መሰሎቹ ሞተራቸውን ራሳቸው ስለሚያጠፉና ስለሚያስነሡ በእነሱ ላይ የሚታየው READY የሚለው አረንጓዴ ጽሑፍ ነው።

ሁለተኛው መብራቱ ቀጥ ብሎ በርቷል ወይስ ብልጭ ድርግም ይላል የሚለው ነው። በፎቶ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። ልዩነታቸው ግን ወደ ታች እንደምንገልጸው የሺህ ዶላር ልዩነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከፎቶው ጋር የ10 ሰኮንድ ቪዲዮ ያስልኩ። ቪዲዮው የሞተሩንም ድምፅ ይዞ ይመጣል።

ላኪው ይህን ሁሉ የሚያደርገው መኪናውን አቁሞ መሆን አለበት። በካሊፎርኒያ እየነዱ ስልክ በእጅ ይዞ መጠቀምን የሚከለክለው ሕግ ከ2017 ጀምሮ ጠበቅ ብሏል።

አንድ ምሳሌ፦ ቀዩ የዘይት ጣሳ

አሁን አንድ ፎቶ አብረን እናንብብ። ላኪው አንድ ወጣት ሾፌር፣ መኪናው የ2008 ቶዮታ ካምሪ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 160,000 ማይል የሄደ ነው እንበል። ሳን ሆዜ ላይ ከፍሪዌይ ወጥቶ አንድ ቤንዚን ማደያ ግቢ ውስጥ ቆሟል። በፎቶው ላይ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። የዙሩ ቀስት ከ1 ትንሽ ዝቅ ብሏል፣ ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ ነው። የሙቀቱ ቀስት መካከል ላይ ነው። ጠብታ የምታንጠባጥብ የዘይት ጣሳ የምትመስለው ምልክት በቀይ በርታለች።

ኦክላንድ ያለው ጋሼ ጥያቄ ከመጠየቁ በፊት አንድ ቃል ይመልሳል፦ «አጥፋው።» ምክንያቱም ይኸች መብራት የምትናገረው ስለ ዘይቱ መጠን አይደለም፤ ስለ ዘይቱ ግፊት ነው። በሞተሩ ውስጥ ኮሎውና ብሮንዚናው የማይነካኩት በመካከላቸው በግፊት የሚገባ ስስ የዘይት ሽፋን ስላለ ነው። ግፊቱ ሲጠፋ ብረት ከብረት ይፋቃል፣ ይግላል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ሞተሩ ሊነክስ ይችላል። መብራቷ የምትበራውም ግፊቱ እጅግ ከወረደ በኋላ ነው። «ቀስ ብዬ ልንዳ» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ አይሠራም።

ቀጥሎ ጥያቄው ይመጣል፦ «መጀመሪያ የበራችው መቼ ነው?» ወጣቱም «ከፍሪዌይ ስወጣ ፍሬን ስይዝ ብልጭ ብላ ጠፋች፤ ትራፊክ መብራት ላይ ስቆም በራች፤ ቤንዚን ስሰጠው ትጠፋለች» ብሎ ይጽፋል። ይኸ መልስ ከፎቶው ይበልጥ ይናገራል። ዘይቱ አንሶ ሲገኝ፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል። መኪናው ሲቆም ደግሞ ፓምፑ በዝግታ ስለሚዞር ግፊቱ ከሁሉ ጊዜ ያነሰ ይሆናል። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ዘይቱ ጎድሏል የሚል ነው። «የሚንኳኳ ድምፅ አለ?» ለሚለው መልሱ «የለም» ከሆነ ተስፋ አለ።

ወጣቱ መኪናውን ለጥ ባለ ቦታ አቁሞ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ 5 ደቂቃ ያህል ይጠብቃል። ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይመዝና ይጠርገዋል፤ መልሶ እስከ መጨረሻው ከከተተው በኋላ እንደገና ያወጣዋል። ጫፉ ላይ ምንም የለም እንበል። ከማደያው ሁለት ኳርት ዘይት ይገዛል። ለዚህ ሞተር የሚስማማው 5W-20 ወይም 0W-20 ነው፤ ካጣ ግን 5W-30 ለዚያች ሌሊት ያሳድረዋል። አንዱን ይጨምርና ይለካል፤ ከዚያም ሁለተኛውን። ዘንጉ ላይ ካሉት ሁለት ምልክቶች መካከል ዘይቱ ሲታይ ይበቃል፤ ከላይኛው ምልክት ማሳለፍም ጥሩ አይደለም። ከመኪናው በታች አዲስ የሚንጠባጠብ ዘይት እንደሌለ ያያል፤ ከዚያም ሞተሩን ያስነሣል።

ውሳኔው የሚሰጠው አሁን ነው። መብራቷ በሁለት ሦስት ሰኮንድ ውስጥ ከጠፋች፣ ሞተሩም ሳይንኳኳ ከሠራ፣ ወደ ኦክላንድ መንዳት ይቻላል። ሆኖም መንገዱ አጋማሽ ላይ፣ ፍሪሞንት ወይም ሄይዋርድ አካባቢ ወጥቶ ዘንጉን አንድ ጊዜ ማየት አለበት። ወርዶ ከተገኘ የሚፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ዘይቱ ተሞልቶ መብራቷ ካልጠፋች ግን አንድ ብሎክ እንኳ አይነዳም። ጥፋቱ ከፓምፑ ሊሆን ይችላል፣ የፓምፑ ወንፊት ተዘግቶም ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ መብራቷን የሚያበራው ትንሽ የግፊት ማብሪያ ብቻ ተበላሽቶ ይሆናል። የመጨረሻው ርካሽ ጥገና ነው፤ ይሁን እንጂ የትኛው እንደሆነ የሚለየው በሞተሩ ላይ የግፊት መለኪያ የሚገጥም መካኒክ ብቻ ነው። በፎቶ አይለይም።

«ዘይት የቀየርኩት ገና በቅርቡ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ካምሪን ለምሳሌ የወሰድነው በዚሁ ምክንያት ነው። ከ2007 እስከ 2009 የተሠሩት ባለ 2.4 ሊትር ሞተር ካምሪዎች ዘይት እንደሚበሉ ቶዮታ ራሱ አምኖ፣ በ1,200 ማይል ከ1 ኳርት በላይ የሚበሉትን ለአንዳንድ ባለቤቶች በነፃ ጠግኖ ነበር፤ ያ ጊዜ ግን አልፏል። ሂሳቡን እንሥራው። ሞተሩ የሚይዘው 4.5 ኳርት ገደማ ነው። በ1,200 ማይል 1 ኳርት ከበላ፣ በየ5,000 ማይሉ ዘይት የሚቀይር ሰው ለቅያሪው ሲደርስ ከ4 ኳርት በላይ ተበልቶበታል ማለት ነው። ታክሲ ወይም ኡበር የሚሠራ ሰው 5,000 ማይልን በጥቂት ሳምንታት ይጨርሳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው መብራቷን መጠበቅ የለበትም፤ ቤንዚን ሁለት ጊዜ በሞላ ቁጥር ዘንጉን ይመልከት።

ቀዩ ቴርሞሜትር

ይኸኛው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዳገት ነው፤ ለምሳሌ ከሳን ሆዜ ወደ ሳንታ ክሩዝ በ17 ቁጥር መንገድ ሲወጣ፣ ወይም በበጋ በ580 ወደ አልታሞንት ሲኬድ። የሙቀቱ ቀስት ወደ ቀዩ እየተጠጋ ነገር ግን ገና ካልደረሰ፣ ኤርኮንዲሽኑን አጥፍቶ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው መክፈት ጥቂት ያግዛል፤ ማሞቂያው የሞተሩን ሙቀት ወደ መኪናው ውስጥ ይስባልና። ይኸ የሚያገለግለው ግን መውጫ እስኪገኝ ብቻ ነው። ቀዩ ከበራ ቆሞ ማጥፋት ነው። ከዚያ በኋላ መንዳት ቴስታታውን ያጣምማል፣ ጓርኒሲዮኑን ያቃጥላል፤ ያ ጥገና ደግሞ በአንዳንድ አሮጌ መኪና ላይ ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል።

የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ እንደጋለ አይክፈቱ። ውስጡ ያለው ውሃ በግፊት የተያዘ ስለሆነ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ከዚያ በኋላ ውሃው ጎድሎ ከተገኘ ሞልቶ እስከ ቅርብ ጋራዥ መሄድ ይቻል ይሆናል፤ ቀስቱ እንደገና ከወጣ ግን ጉዞው አበቃ።

ከፎቶ አንባቢው የሚጠበቅ አንድ ጥንቃቄ አለ። ውሃው ፈስሶ ካለቀ ሙቀቱን የሚለካው ዕቃ በአየር ውስጥ ስለሚቀር ቀስቱ መካከል ላይ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ላኪው «እንፋሎት አያለሁ፤ እንደ ሽሮፕ የሚጣፍጥ ሽታ አለ» ካለ፣ በፎቶው ላይ ያለው ቀስት ምንም ይበል ምን ማቆም ነው። ብዙ የፕሪየስ ሞዴሎች ደግሞ የሙቀት ቀስት ጨርሶ የላቸውም፤ ያላቸው መብራቱ ብቻ ነው። በእነሱ ላይ ቀዩን ሦስት ማዕዘን ብቻ አንሥቶ የሚልክ ሰውም አለ። ሦስት ማዕዘኑ «ሌላ የሚነበብ ነገር አለ» የሚል ደወል ስለሆነ፣ ከጎኑ የበራውን ምልክትና የተጻፈውን ጽሑፍ ጨምሮ እንደገና እንዲያነሣ ይጠይቁት።

ቢጫው የሞተር ምልክት

ከሁሉ ይበልጥ የሚላከው ፎቶ ይኸ ነው። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ መኪና ሁሉ የጭሱን ንጽሕና የሚቆጣጠር ኮምፒዩተር አለው፤ ይህን መብራት የሚያበራውም እሱ ነው። ቀጥ ብሎ በርቶ መኪናው እንደ ወትሮው የሚሄድ ከሆነ፣ ሌላ ቀይ መብራት ከሌለ፣ ቤት መድረስ ይቻላል። መጀመሪያ የቤንዚኑ ክዳን ጠቅ እስኪል መዘጋቱን ይዩ። ክዳኑ በመላላቱ ብቻ መብራቱ ይበራል፤ ክዳኑን ካጠበቁት በኋላም ለመጥፋት ጥቂት ቀን ይወስድበታል።

ብልጭ ድርግም ሲል ግን ሌላ ነው። አንዱ ሲሊንደር ወይም ከዚያ በላይ የገባለትን ቤንዚን ሳያቃጥል እየጣለ ነው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከካንዴላው ወይም ካንዴላውን ከሚያቀጣጥለው ኮይል ሲሆን፣ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ላይ ባለው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ውስጥ ገብቶ እዚያ ይነዳል፤ ኮንቨርተሩም ከውስጥ ይቀልጣል። ኮይል መቀየር ቀላል ሥራ ነው። ለካሊፎርኒያ የተፈቀደ ኮንቨርተር ግን ብዙ ጊዜ ከ1,000 ዶላር በላይ ያስወጣል። ስለዚህ ብልጭታው ከጀመረ ቤንዚን እግር ማንሣት ነው። ፍጥነት ሲቀንስ ብልጭታው ከቆመ በቀስታ እስከ ቅርቡ መውጫና ጋራዥ መሄድ ይቻላል፤ ካልቆመ ማጥፋት። ከሳን ሆዜ እስከ ኦክላንድ በዚያ ሁኔታ መምጣት በትንሽ ዕቃ ምትክ ትልቁን መግዛት ነው።

ከ20 እስከ 30 ዶላር የሚሸጥ የኮድ ማንበቢያ በመሪው ሥር ባለው መሰኪያ ላይ ሲሰካ ቁጥር ይሰጣል። P0301 ማለት አንደኛው ሲሊንደር አያቃጥልም ማለት ነው፤ P0457 የቤንዚን ክዳኑን ይመለከታል። ላኪው የማንበቢያውን ፎቶ ቢጨምር ግምቱ ወደ እውነቱ በጣም ይጠጋል። ነገር ግን ቁጥሩ የታመመውን ቦታ እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አይናገርም።

«ኮዱን አጥፍቼ ስሞግ ቼክ እገባለሁ» የሚለውም ዘዴ አይሠራም። መብራቱ የበራበት መኪና በካሊፎርኒያ ስሞግ አያልፍም፤ ኮዱ ሲጠፋ ደግሞ ኮምፒዩተሩ የራሱን ምርመራዎች ገና እንዳልጨረሰ ስለሚመዘግብ ጣቢያው ይመልስዎታል። ምርመራዎቹ እስኪያልቁ ብዙ ጊዜ ለጥቂት ቀናት መንዳት ያስፈልጋል፤ ጥፋቱ ካልተጠገነም መብራቱ ተመልሶ ይበራል።

ፍሪዌይ ላይ ሳሉ ከበራ

ቀይ ሲበራ መካከል ላይ ቆሞ ማጥፋት ከሞተሩ ይልቅ ሰውን ይገድላል። ፍሬቻ ሰጥተው ወደ ቀኝ ይውጡ። መውጫው በዓይን የሚታይ ከሆነ ውጡበት፤ ሩቅ ከሆነ በቀኝ ትከሻ ላይ በተቻለ መጠን ከመስመሩ ርቀው ይቁሙ። ከወረዱ በተሳፋሪው በኩል ወርደው ከብረት አጥሩ ጀርባ ይራቁ። ከመስመር መውጣት ካልቻሉ ቀበቶዎን እንዳሰሩ፣ ብልጭታ መብራቱን አብርተው 911 ይደውሉ።

በሥራ ቀን የትራፊክ መጨናነቅ በሚበዛበት ሰዓት በዋና ዋና ፍሪዌዮች ላይ ፍሪዌይ ሰርቪስ ፓትሮል የሚባሉ መኪኖች ይዘዋወራሉ። ራዲያተር ውሃ ይሞላሉ፣ ጥቂት ቤንዚን ይሰጣሉ፣ ያልተነሣውን መኪና ከፍሪዌይ አውጥተው ደኅና ቦታ ያደርሳሉ። ይኸ ሁሉ በነፃ ነው። እስከ ጋራዥ ግን አይጎትቱም።

ቆርጠው በመኪናዎ ኪስ ያስቀምጡ

የዳሽቦርድ ፎቶ ለሚልክም ለሚቀበልም የሚሆኑ አምስት ጥያቄዎች እነሆ፦

1. መብራቱ በዓይን ሲታይ ቀይ ነው ወይስ ቢጫ?
2. ፎቶው ሲነሣ ሞተሩ ተነሥቶ ነበር? የዙሩ ቀስት ወይም READY በፎቶው ውስጥ ይግባ።
3. ቀጥ ብሎ በርቷል ወይስ ብልጭ ድርግም ይላል? የ10 ሰኮንድ ቪዲዮ ይላክ።
4. መጀመሪያ የበራው ምን ሲያደርጉ ነው? ፍሬን ሲይዙ፣ ዳገት ሲወጡ ወይስ ቤንዚን ከሞሉ በኋላ?
5. የተለየ ድምፅ፣ ሽታ፣ እንፋሎት ወይም መንቀጥቀጥ አለ?

ቀይ የዘይት ጣሳ፣ ቀይ ቴርሞሜትር ወይም ብልጭ ድርግም የሚል ሞተር ከሆነ መልስ እስኪመጣ እየነዱ አይጠብቁ፤ አቁመው ይጠብቁ። ቀጥ ብሎ የበራ ቢጫ ሞተር ከሆነና መኪናው እንደ ወትሮው ከሄደ ቤትዎ ይግቡ፤ በማግሥቱ ኮዱን ያስነብቡ። ጋራዥ ሲገቡ ደግሞ በካሊፎርኒያ ሕግ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የዋጋ ግምቱን በጽሑፍ የማግኘት መብት እንዳለዎት አይዘንጉ።

መልካም መንገድ።